የ270 ልዩነት የተደበቀበት መስመር

ጥያቄ፦ «የሌጀሩን ፎቶ ለጥፌያለሁ። ትራያል ባላንሱን ስሞላ ዴቢት 168,750፣ ክሬዲት 169,020 ወጣ። ደጋግሜ ደመርኩት፣ ያው ነው። 270 የት ገባ?»

ድምርህ ልክ ነው ወንድሜ፣ እሱን ተወው። እኔም ከፎቶው ባላንሶቹን አወጣሁ። ዴቢት፦ ካሽ 42,080፣ ተሰብሳቢ 18,600፣ አላቂ ዕቃ 5,270፣ መሣሪያ 60,000፣ ኪራይ 12,000፣ ደመወዝ 24,800፣ የባለቤት ወጪ 6,000። ክሬዲት፦ ተከፋይ 15,900፣ ካፒታል 90,000፣ ገቢ 63,120።

መጀመሪያ የተዘለለ 270 ካለ ፈለግኩ፣ የለም። ቀጥሎ ግማሹን፣ 135ን፣ በተቃራኒው በኩል ገብቶ እንደሆነ አየሁ፣ እሱም የለም። ከዚያ ለ9 አካፈልኩ። 270 ÷ 9 = 30፣ ያለ ቀሪ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ጎረቤት አሃዞች ቦታ መለዋወጣቸውን ነው። 30 ቦታውንም ይጠቁማል፦ የተለዋወጡት የመቶ ቤትና የአስር ቤት ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም 3 ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ባላንሶቹን ብቻ አይቶ ተስፋ ይቆርጣል። ከላይ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ በእነዚህ ቤቶች 3 የሚለያይ የለም። ስለዚህ ስህተቱ ያለው ባላንሱን በፈጠሩት መስመሮች ውስጥ ነው፣ እያንዳንዱን አካውንት መክፈት ግድ ነው። የጎደለው ዴቢት ስለሆነ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ዴቢት ላይ አንሶ የተጻፈ (የመቶው አሃዝ ከአስሩ በ3 የሚያንስ)፣ ወይም ክሬዲት ላይ በዝቶ የተጻፈ (የመቶው በ3 የሚበልጥ)።

ካሽ ዴቢት ላይ 90,000፣ 40,670 እና 3,580 አለ፣ ድምሩ 134,250። ክሬዲቱ 92,170 ስለሆነ 42,080 ይቀራል። 3,580ን ተመልከተው፣ 5 እና 8። ከደንበኛ የተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ያው ግብይት ተሰብሳቢ ሂሳብ ክሬዲት ላይ ደግሞ 3,850 ተብሎ ገብቷል! ልዩነቱ 270።

ግን የትኛው ነው ትክክል? ስሌቱ ይህን አይነግርህም፣ ሁለቱም መስፈርቱን ያሟላሉ። ደግነቱ የጆርናሉን ገጽም አብረህ ለጥፈሃል፣ እዚያ ላይ በሁለቱም በኩል 3,850 ነው። ፎቶው ላይ 5 እና 8 ስለሚመሳሰሉ ዋናውን ደብተርና ደረሰኙን ከፍተህ አረጋግጥ።

ከተረጋገጠ ካሽ 42,350 ይሆናል፣ ዴቢቱም 169,020፣ እኩል ሆነ። ስታርም ጆርናሉ ትክክል ስለሆነ አዲስ የእርማት ጆርናል አትሥራ። ሁለት ጎን ያለው ምዝገባ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚጨምር 270ው እንዳለ ይቀራል። ካሽ ላይ 3,580ን በአንድ መስመር ሰርዝ፣ ቁጥሩ ይነበብ፣ ከላዩ 3,850 ጻፍ፣ ፈርምበት፣ ከዚያ መስመር በታች ያሉትን ባላንሶች ሁሉ አስተካክል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጆርናሉ ራሱ ላይ በሁለቱም በኩል 3,580 ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ትራያል ባላንሱ እኩል ይወጣ ነበር፣ ስህተቱንም የሚያሳይህ ደረሰኙ ብቻ ነበር።