በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት

«ሐዋሳ በሚገኝ ሆቴል የሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። በየዓመቱ ኮንትራት የምናድስላት፣ ሦስት ዓመት የሠራች ምግብ አብሳይ ‹ቋሚ ነኝ ወይስ ኮንትራት?› ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?»

ቋሚ መሆኗን ንገራት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። የጊዜ ገደብ የሚፈቀደው ሥራው ራሱ ጊዜያዊ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ወሊድ ፈቃድ የወጣችውን ባልደረባዋን ተክታ ብትሠራ። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ወጥ ቤት ግን ጊዜያዊ አይደለም።

የዓመት ፈቃድ ለሁለቱም አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ሠራተኞች የሚሳሳቱት በዚህ ነው፤ ኮንትራት ፈቃድ የሚያስቀር ይመስላቸዋል።

ልዩነቱ የሚጎላው በስንብት ላይ ነው። የእውነት ጊዜያዊ ውል ቀኑ ሲደርስ ያበቃል። እርሷን ግን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያትና፣ ማስጠንቀቂያ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ የሁለት ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። እርሷም ልልቀቅ ካለች 30 ቀን አስቀድማ ታሳውቃለች።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ «ኮንትራትሽ አልቋል» የሚል ደብዳቤ እንዳትጽፍ። ቀድሞ በሠራሁበት ድርጅት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ፈርሜ ነበር፤ ፍርድ ቤት የየዓመቱን ውሎች ደርድሮ ከሕግ ውጭ ስንብት ነው አለ።