«አነጻጽሪ» ሲባል ምን ይጻፋል? የአመራር ስልቶች በጽሑፍ ፈተና ላይ

«የፕሮጀክት ማኔጅመንት የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ‹ሲቹዌሽናል ሊደርሺፕን ከሌሎች የአመራር ስልቶች ጋር አነጻጽሪ፤ ለፕሮጀክት ማናጀር የሚበጀውንም አመልክቺ› የሚል ጥያቄ መጣ። የማውቀውን ሁሉ ጻፍኩ። ከ20 ያገኘሁት 11 ነው። መምህሩ ‹ዘርዝረሻል እንጂ አላነጻጸርሽም› አሉኝ። ለሥራ ፈተናም እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ይባላል። እንዴት ልመልስ?»

ሰላም እህቴ። መጀመሪያ ሁለት ንድፈ ሐሳቦች የማይስማሙበትን አንድ ጥያቄ ፈልጊ። ለዚህ ርዕስ ጥሩው ጥያቄ ይህ ነው፦ መሪ ስልቱን መቀየር ይችላል ወይ?

የሲቹዌሽናል ሊደርሺፕ ባለቤቶች ፖል ኸርሲና ኬን ብላንቻርድ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቀረቡት ሐሳብ መልሱ «ይችላል፣ መቀየርም አለበት» ነው። መሪው የሠራተኛውን ዝግጁነት፣ ማለትም ችሎታውንና ፈቃደኝነቱን፣ ያያል። ከዚያ ያዛል፣ ያሳምናል፣ ያሳትፋል ወይም ሥራውን በውክልና ይሰጣል። የሌላ ንድፈ ሐሳብ ባለቤት የሆነው ፍሬድ ፊድለር ደግሞ የመሪው ስልት ከባሕርዩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በቀላሉ አይለወጥም ባይ ነው። በእሱ መንገድ ለሁኔታው የሚስማማ መሪ ይመረጣል፣ ወይም ሁኔታው ራሱ ይስተካከላል፤ ለምሳሌ የማናጀሩ ሥልጣን ይሰፋል፣ ሥራው ይበልጥ ግልጽ ይደረጋል። አየሽ፣ ልዩነቱ ፕሮጀክቱ ላይ ሲደርስ የተለያየ ውሳኔ ያመጣል። አራሚው የሚፈልገው ይህን ነው።

ቀጥለሽ አንድ ምሳሌ ይዘሽ እስከ መጨረሻው ሂጂ። አንድ ባንክ የደንበኞቹን መረጃ ከአሮጌ ሲስተም ወደ አዲስ እያዛወረ ነው እንበል። ቡድኑ ውስጥ የዓመታት ልምድ ያለው የዳታቤዝ ባለሙያ አለ። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ «ልምድ ስላለው ውክልና ይሰጠዋል» ብሎ ያልፋል። ስህተት ነው። ዝግጁነት የሚለካው በሰውየው ሳይሆን በያዘው ሥራ ነው። ለዕለታዊ የዳታቤዝ ሥራ ውክልናው ልክ ነው። አዲሱን ሲስተም ግን ነክቶት አያውቅም፤ ለመጠየቅም ፈርቷል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ግልጽ መመሪያ ነው፦ የትኛው መረጃ ቀድሞ ይዛወር፣ የሁለቱ ሲስተሞች ቀሪ ሒሳብ በምን ይመሳከር፣ ማታ ማታ ለማን ሪፖርት ይደረግ። የሙከራ ዝውውሩ ከተሳካ በኋላ ችሎታው አለ፤ እያንዳንዱን ጥቃቅን ውሳኔ ግን ወደ ማናጀሩ ይመልሳል። ያ የችሎታ ሳይሆን በራስ የመተማመን ጉድለት ምልክት ነው። አሁን ማዘዝ ይብቃ፤ «አንተ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ማሳተፍ ይሻላል።

አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። ኸርሲና ብላንቻርድ በኋላ መንገዳቸው ተለያይቷል። በኸርሲ አከፋፈል የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ሠራተኛ ችሎታም ፈቃደኝነት ወይም መተማመንም ይጎድለዋል። በብላንቻርድ የኋላ አከፋፈል ግን ጀማሪው ችሎታው ዝቅተኛ፣ ጉጉቱ ከፍተኛ ነው። ሁለቱን ካደባለቅሽ መልስሽ ራሱን ይቃረናል። የማንን እንደምትጠቀሚ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረሽ ጀምሪ።

ትራንስፎርሜሽናል ሊደርሺፕን «ይበልጣል፣ ያንሳል» እያልሽ አታወዳድሪው። እሱ የሚጠይቀው ሰው ከግል ጥቅሙ አልፎ ለጋራ ዓላማ እንዴት ይነሣል ብሎ ነው። ሲቹዌሽናሉ ደግሞ ለዚህ ሥራ፣ ዛሬ፣ ምን ያህል መመሪያና ድጋፍ ያስፈልጋል ይላል። የባንኩ ማናጀር ዝውውሩ ለደንበኛው ምን እንደሚያመጣ ለቡድኑ አስረድቶ በዚያው ቀን ለባለሙያው ዝርዝር ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። መሪ ቀድሞ ቡድኑን ያገልግል የሚለውን ሰርቫንት ሊደርሺፕን ጥያቄው በስም ካልጠራው ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ገደቡን ሳትጽፊ አትውጪ፤ ነጥብ የሚለየው እዚህ ነው። ሠራተኛው ለክፍል ኃላፊውም ለፕሮጀክት ማናጀሩም በሚሠራበት በማትሪክስ መዋቅር የባለሙያው ቋሚ አለቃ ብዙ ጊዜ የአይቲ ክፍል ኃላፊው ነው፤ የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለትም እሱ ነው። ማናጀሩ ልዘዝ ቢል እንኳ የሚያዝበት በቂ ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ መመሪያው ከመተላለፉ በፊት ከክፍል ኃላፊው ጋር መስማማት አለበት። ማስረጃውም ሙሉ አይደለም። ሮበርት ቬኪዮ እ.ኤ.አ. በ1987 መምህራን ላይ ባወጣው ጥናት ንድፈ ሐሳቡ በተሻለ ሁኔታ የሠራው ዝግጁነታቸው ዝቅ ላሉት ነው። እንግዲህ ምክረ ሐሳብሽን ለአዲስ ሥራና ለአዲስ ሰው በድፍረት ጻፊው፤ ለበሰለ ቡድን ሲሆን ለዘብ አድርጊው።

የሥራ ፈተና ላይ የንድፈ ሐሳቡን ታሪክ ቆርጠሽ ከምሳሌው ጀምሪ። ቀጣሪው ማየት የሚፈልገው ስልቱን መቼ እንደቀየርሽና ምን ምልክት አይተሽ እንደቀየርሽ ነው።