ስልኩ ሞላ፤ ዘፈኑ የት ይቀመጥ?

«ስልኬ 32 ጊጋ ነው፣ ሞላ እያለ ያስቸግረኛል። ከቴሌግራም ያወረድኳቸውን ወደ 700 ዘፈኖች ወደ ሚሞሪ ካርድ አዛወርኩ። ግን ቴሌግራም አሁንም 6 ጊጋ ይዟል ይለኛል። ምንድን ነው?» ከማራኪ

ዘፈኖቹ ስልክህ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ነበር። ቴሌግራም ላይ አንድ ዘፈን ስትነካ መጀመሪያ የሚወርደው ቴሌግራም ለራሱ በያዘው ቦታ ውስጥ ነው። ከዚያ Save to music ስትል ሌላ ቅጂ Music ፎልደር ውስጥ ይገባል። ያዛወርከው ሁለተኛውን ነው፣ የመጀመሪያው እዛው ቁጭ ብሏል። ሒሳቡን እንየው፤ አንዱ ዘፈን በአማካይ 8 ሜጋ ቢሆን 700ው 5.6 ጊጋ ይመጣል፣ ቴሌግራም ይዞታል የተባለው 6 ጊጋም ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ከማጥፋትህ በፊት ግን ዳታህን ዝጋና ከካርዱ ላይ የተወሰኑትን በስልኩ ሙዚቃ ማጫወቻ እስከ መጨረሻው ስማቸው፤ በስም ብቻ አትመን። ደህና ከሆኑ ቴሌግራም ላይ Settings፣ Data and Storage፣ Storage Usage ግባ። ከዝርዝሩ Music ብቻ ምልክት እንዳለበት ይቅር፣ የሌላውን ምልክት አንሳ፣ ከዚያ Musicን ብቻ አጥፋ። ቻቱ አይነካም፣ ዘፈኑም ቻናሉ ላይ እስካለ ድረስ እንደገና ይወርዳል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፦ ልማድ ሆኖብህ ቴሌግራም ውስጥ ገብተህ ዘፈኑን ከነካኸው ዳታህን በልቶ ስልኩ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከማጫወቻው ስማ።

«አዲስ ሚሞሪ ሳስገባ ስልኩ የስልኩ አካል ይሁን ወይስ ለብቻው ብሎ ይጠይቀኛል። የቱን ልንካ?» ከአዘዞ

ለዘፈን ከሆነ ለብቻው፣ ማለትም Portable storage። የስልኩ አካል ካደረግሽው ስልኩ ካርዱን ይቆልፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ስልክ ላይ አይነበብም። ደባርቅ ድረስ ስትሄጂ መኪናው ቴፕ ላይ ልሰካው ብትይ፣ ወይም ቤት ያለው ስፒከር ላይ፣ ባዶ ካርድ ነው የሚሆንብሽ። ስልኩ ቢሰበር ደግሞ ዘፈኖቹም አብረው ሄዱ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ፎርማት ላድርግ ብሎ ከጠየቀሽ ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ እወቂ፣ ቀድመሽ ገልብጪው።

«ሚሞሪ ላይ ያለ ዘፈን ይቆራረጣል ይላሉ። ውድና ፈጣኑን ልግዛ?» ከፒያሳ

ለዘፈን ብለህ ገንዘብህን አታውጣ። በጣም ጥሩ የሚባለው 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 እንኳ በሰከንድ 40 ኪሎባይት ብቻ ነው የሚፈልገው። ላዩ ላይ 4 ቁጥር ያለበት አሮጌ ካርድ በሰከንድ ቢያንስ 4 ሜጋባይት እንዲጽፍ ነው የተሠራው፣ መቶ እጥፍ ማለት ነው። ባለ 32 ጊጋ ይበቃሃል፤ ስልኩ 29 ጊጋ አካባቢ ቢያሳይህ የአቆጣጠር ልዩነት ስለሆነ አትደንግጥ። በ8 ሜጋ ሒሳብ ከ3,500 በላይ ዘፈን ይይዛል።

ዘፈኑ እየተቆራረጠ ከሆነ የምጠረጥረው ፍጥነቱን ሳይሆን ካርዱን ነው። እኔ አንድ ጊዜ ትልቅ ጊጋ የተጻፈበት ካርድ በርካሽ ገዝቼ ነበር። መጀመሪያ የጫንኳቸው በደንብ ይጫወታሉ፣ በኋላ የገቡት ግን ስማቸው ይታያል እንጂ አይከፈቱም። ውስጡ ያለው ቦታ ላዩ ላይ ከተጻፈው በጣም ያነሰ ነበር፣ በጣም ነው ያናደደኝ። ስለዚህ ስትገዛ ዘፈን ከሚጭኑት ልጆች ጋ ኮምፒውተር ላይ አስገባውና H2testw በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አስፈትሸው። እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ሐሰተኛውን ይለይልሃል።

«አጎቴ ሰርግ ላይ አዝማሪው ሲጫወት በስልኬ ቀድቼዋለሁ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቦታ እንዲለቅ እሱንም ወደ ሚሞሪ ልውሰደው?» ከአራዳ

እሱን ተዪው፣ ስልኩ ላይ ይቆይ። በድምፅ ብቻ ከሆነ፣ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ብንለው፣ አንድ ሰዓቱ 60 ሜጋ እንኳ አይሞላም፤ ሰባት ስምንት ዘፈን ብታጠፊ ቦታው ይገኛል። የወረደ ዘፈን ቢጠፋ ተመልሶ ይወርዳል፣ ያ ማሲንቆና ያ ግጥም ግን የትም የለም። ካርድ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይሞታል፤ እኔ ፋይል እየተዛወረ ሳለ ካርዱን ነቅዬ አንድ ሙሉ ፎልደር 0 ባይት ሆኖ ቀርቶብኛል። ካርድ ስታወጪ ሁልጊዜ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ Unmount በይ፣ ወይም ስልኩን አጥፊው። የአጎትሽን ሰርግ ደግሞ ዛሬውኑ ቴሌግራም ላይ Saved Messages ውስጥ በፋይል መልክ ላኪው፣ አንድ ቅጂም ለአጎትሽ።