ሴትየዋ በሩን ለምን ከፈተች?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መምህርት ደወለችልኝ። ድሬዳዋ አንደኛ ክፍል ማስተማር ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። "ጋሼ፣ ተረት ካነበብኩ በኋላ ሦስት ዓይነት ጥያቄ ጠይቂ ተብያለሁ" አለችኝ። "ታሪኩ ውስጥ በቀጥታ ያለውን ይመልሳሉ። ስለ ራሳቸው ስጠይቃቸው ሁሉም በአንድ ላይ 'አዎ!' ብለው ይጮሃሉ። መሀለኛው ላይ፣ 'ለምን ይመስላችኋል' ስላቸው ግን ወይ ዝም ነው፣ ወይ የማይሆን ነገር ይመልሳሉ።"

"የማይሆን ነገር" ስትል አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ እጽፍልሻለሁ አልኳት። እናንተም አንደኛ ክፍል የገባችሁ ጀማሪዎች ብታነቡት አይከፋኝም።

ሐረር ነበርኩ፤ በማስተማር ሦስተኛ ዓመቴ። ክፍሉ ውስጥ ከስልሳ በላይ ልጆች አሉ። መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው፣ እሱም ገጹ የተገነጠለ። ስለዚህ ተረቱን ራሴ ጻፍኩት። በጠመኔ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ፦

"ፍየሏ ውጭ ቀረች። መሸ። ጅብ ጮኸ። ፍየሏ በሩን በቀንዷ ገፋች። በሩ አልተከፈተም። 'ሜእ' አለች። ሴትየዋ መብራት ይዛ መጣች። በሩን ከፈተች።"

አለቀ። በጣም ኮርቼበት ነበር። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንደኛ ክፍል ላይ፣ በተለይ በመጀመሪያው መንፈቅ፣ ልጁ ራሱ አንብቦ እንዲመልስ መጠበቅ ልክ አይደለም። ፊደሉን ሲለቅም ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል። ያኔ የሚለካው ፊደል መልቀሙ ነው እንጂ መረዳቱ አይደለም።

ከዚያ ጠየቅኩ። "ፍየሏ በሩን በምን ገፋችው?" "በቀንዷ!" ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። "ሴትየዋ ምን ይዛ መጣች?" "መብራት!" ቀጠልኩ። "ሴትየዋ በሩን ለምን ከፈተች?"

ዝም አሉ። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ያለ አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ። እስከዚያ ቀን እጁን አውጥቶ አያውቅም። ብድግ አለና "ለወራባው ሥጋ ልትሰጠው" አለ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መሳቄን እስከ ዛሬ አልረሳውም። "ተሳስተሃል፣ ተቀመጥ" አልኩት። "ፍየሏን ልታስገባ ነው። ጅቡ እንዳይበላት።" ሁሉም "ፍየሏን ልታስገባ" ብለው ሦስት ጊዜ ደገሙልኝ። ልጁ ተቀመጠ። እስከ ሰኔ ድረስ እጁን ዳግም አላወጣም።

ሐረርን የማያውቅ ሰው ይህ መልስ ሊያስቀው ይችላል። እኔ ግን አውቃታለሁ፣ ያውም የምኖረው እዚያው ነው። ጅብ በሐረሪ ወራባ ነው። በኦሮምኛ ወራቤሳ፣ በሶማሊኛ ወራቤ። የጀጎል ግንብ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ሳይቀር አለው። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ በስም እየጠራ በእጁ ጅብ የሚያበላ ሰው አለ። በአሹራ ቀን ለጅቡ ገንፎ ይቀርብለታል። የልጁ ቤት ወደዚያው፣ ከግንቡ ውጭ ነበር። እሱ በሚያውቀው ዓለም ሲመሽ ጅብ ይጮሃል፣ ሰው መብራት ይዞ ይወጣል፣ ሥጋ ይሰጠዋል። ታሪኩን ከሚያውቀው ጋር አጋጥሞ ነው የመለሰው። ጥያቄው ከልጅ የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር።

ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። ይህን ያየሁት ከዓመት በኋላ ነው፣ ያንኑ ተረት እንደገና ስገለብጥ። የጻፍኩት ታሪክ የሚያልቀው "በሩን ከፈተች" ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ የለም። ፍየሏ ገባች የሚል ቃል የትም የለም። ልጁን የሚያርም አንድም ዓረፍተ ነገር ሳልጽፍ ነው ተሳስተሃል ያልኩት። ስህተቱ የኔ ነበር፣ በጠመኔ የተጻፈ።

እዚያው ላይ "ፍየሏ ሮጣ ገባች" ብዬ ጨመርኩበት። በዚህች ሦስት ቃል ጥያቄው ሌላ ሆነ። አሁን አንድ ልጅ "ለጅቡ ልትሰጠው" ቢል "ታሪኩ ውስጥ ምን ሰምተህ ነው?" እለዋለሁ። "ጅብ ጮኸ፣ መብራት ያዘች" ይላል። "ጎሽ፣ እሱስ አለ። እስቲ እስከ መጨረሻው እንስማው" ብዬ አነብለታለሁ። "ሮጣ ገባች" ላይ ስደርስ ራሱ "አይ፣ ለፍየሏ ነው" ይላል። እኔ አላረምኩትም፤ ታሪኩ ነው ያረመው።

እንግዲህ መሀለኛው ጥያቄ ይሄ ነው። መልሱ ተጽፎ አይገኝም፣ ፍንጩ ግን ተጽፏል። ጥያቄውን ከማውጣታችሁ በፊት መልሱን የሚደግፉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ጣታችሁን አስቀምጡ። ጣታችሁ የሚያርፍበት ካጣ ጥያቄው የጥንቆላ ጥያቄ ነው፤ ልጁ የሚገምተው የእናንተን ሆድ ነው። የልጁ መልስ ከናንተ ከተለየም መጀመሪያ ፍንጩን ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የሚለየው ማሰቡ ሳይሆን ከቤት ይዞት የመጣው እውቀት ነው።

ዝም ሲሉ ደግሞ ቸኩላችሁ አትመልሱላቸው። እኔ በልቤ እስከ አምስት እቆጥር ነበር። አምስት በጣም ረጅም ነው፣ ሞክሩት።

ስለ ቀጥተኛው ጥያቄ ብዙ አልልም ነበር፣ ሁሉም ያውቀዋል። ግን አንድ ጊዜ ለባልደረቦቼ ሰሌዳ ላይ "ጭሬዋ ብላሙን ደፈነጠች" ብዬ ጻፍኩና "ጭሬዋ ምኑን ደፈነጠች?" አልኳቸው። "ብላሙን!" አሉ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ብላም ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ እኔም አላውቅም፣ ፈጥሬው ነው። ልጆቻችን "በቀንዷ!" ብለው ሲጮሁ ቀንድ ምን እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ። ቤታቸው አማርኛ የማይነገርባቸው ልጆች ክፍላችን ውስጥ ብዙ ናቸው። ስለዚህ "በምን ገፋችው?" ካላችሁ በኋላ "እስቲ አንተ ፍየሏን ሁን፣ በሩን ግፋ" በሉት። ግንባሩን ዝቅ አድርጎ ከገፋ ገብቶታል። በቤቱ ቋንቋ ቢነግራችሁም ገብቶታል። አማርኛውን ቀስ ብላችሁ ታቀብሉታላችሁ።

ሌላም ወጥመድ አለ፣ የአማርኛ ነው። "በሩን ከፈተች" የሚለውን እዩት። ማን? "ች" ብቻ ነው ያለው። ሴትየዋም ሴት ናት፣ ፍየሏም ሴት ናት። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ ግን አይደለም። "በሩን ማን ከፈተ?" ብዬ ስጠይቅ ከልጆቹ አንድ ሦስተኛው "ፍየሏ" ያሉበት ቀን ነበር። ፍየሏ በሩን ስትገፋ ሰምተዋል፣ ከዚያ ከፈተች ሲባል ሰሙ፣ አለቀ። ቀጥተኛ ጥያቄ መስሎኝ ያወጣሁት ነገር ቀጥተኛ አልነበረም። በኋላ ሴትየዋን በሽማግሌ ቀየርኩና "ከፈተ" ሲሆን ግርታው ጠፋ። ተረት ስታዘጋጁ አንዱን ወንድ አንዱን ሴት አድርጉ።

ሦስተኛው፣ ስለ ራስ የሚጠየቀው። ዛሬ ከስልክ የሚወርዱ የትምህርት ዕቅዶችን አያለሁ፣ መጨረሻቸው ላይ "እንስሳትን ትወዳላችሁ?" የሚል አይጠፋም። እናንተ ልጆች ደግሞ ኮፒ ማድረግ ትወዳላችሁ፣ አትቀየሙኝ። ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ታሪኩን የሰማ ብቻ አይደለም። ሽንት ቤት ሄዶ የተመለሰውም "አዎ!" ይላል። መለኪያዬ ያ ነው፤ ውጭ የነበረው ልጅ የሚመልሰው ከሆነ አልጠይቀውም። "ፍየሏ ውጭ ስትቀር በሩን ገፋች፣ ከዚያ ጮኸች። አንተ ብትሆን ምን ታስቀድማለህ?" በሉት። አሁን ስለ ራሱ ለመናገር ታሪኩን መያዝ አለበት። አንዷ "ጎረቤት እሄዳለሁ" አለችኝ። አንዱ "አልጮህም፣ ጅቡ ይሰማኛል" አለ። እዚህ ላይ ትክክልና ስህተት የለም፣ ግን "ለምን?" ማለት አለ።

"እናትህ ትከፍትልሃለች?" ግን አትበሉ። እናት የሌለው ልጅ ሁሌም አንድ አይጠፋም። እኔ አንዴ ብዬ የክፍሉ ፀጥታ ነው የመለሰልኝ። "ማን ይከፍትልሃል?" ይበቃል።

ስንት ስንት ልጠይቅ ትላላችሁ፣ አውቃለሁ። ቁጥር አልወድም፤ ተረቱ ራሱ ይነግራችኋል። እሺ፣ ለአንዲት አጭር ተረት ሁለት ቀጥተኛ፣ ሁለት ፍንጭ የሚያስፈልግ፣ አንድ ስለ ራስ። ከዚያ ካለፈ ማዛጋት ይጀምራሉ። ቅደም ተከተሉም ከቀላል ወደ ከባድ ይሁን። እኔ ራሴ ግን አንዳንድ ቀን ከራሳቸው እጀምር ነበር፣ በተለይ ማክሰኞ ከዕረፍት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲያደክማቸው። "ማታ ጅብ ሲጮህ የሰማ?" ብዬ። ይሄ እንኳን መረዳትን አይለካም፣ ያነቃቸዋል ብቻ። "ጅብ" ስል ግራ የገባው ልጅ ካለ "ወራባ" እለዋለሁ። ዓይኑ ሲበራ አያለሁ።

ያ ልጅ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ዓመቱ ሲያልቅ ቤተሰቡ ከተማውን ለቆ ሄደ። እጁን ባላወጣባቸው ወራት ስንት ነገር አስቦ እንደዋጠው አስባለሁ። ማንበቡ ጥሩ ነበር። ምንም አልጠየቅኩትም፣ እሱም ምንም አላለኝም።

አንቺ የደወልሽልኝ፣ ተረቱን ከላይ ጽፌልሻለሁ፣ ገልብጪው። ነገ ስታነቢላቸው "ፍየሏ ሮጣ ገባች" የሚለውን ለጊዜው ተይው፣ "በሩን ከፈተች" ላይ ቁሚ። ለምን እንደከፈተች ጠይቂያቸው፣ አምስት ቁጠሪ። የሚሉትን ሁሉ፣ የማይሆን የመሰለሽንም፣ ሰሌዳው ላይ ጻፊው። ከዚያ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አንብቢና የትኛው እንደቀረ እነሱ ያጥፉት። ድሬ ላይ ለጅቡ ልትሰጠው ነው የሚል ልጅ ከተገኘ ደውይልኝ፣ ማታም ቢሆን።