መልስ፦ የበቆሎ አገዳ ብሪኬት ለምን ይፈረፈራል?

«አገዳውን ማሳ ላይ ከማቃጠል ብዬ በበርሜል አክስዬ፣ የከሰሉን ዱቄት ጠቅጥቄ ብሪኬት ሠራሁ፤ ሲደርቅ ግን እየተፈረፈረ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ የከሰል ዱቄት በራሱ አይያያዝም። ለ10 ኪሎ የደቀቀ ከሰል ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት በውኃ በጥብጥና እንደ አጥሚት እስኪወፍር እሳት ላይ አማስለው። ጥሬውን ብትጨምረው አያጣብቅም። ትኩስ እያለ ከከሰሉ ጋር እሸው። በእጅህ ጨብጠኸው ስትከፍት ቅርጹን ይዞ ከቆየ፣ ውኃም ካላንጠባጠበ፣ ለመጠቅጠቅ ደርሷል። ጭቃም ያያይዛል፤ ግን አመዱ ይበዛል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል።

ተሰነጣጥቆ የሚፈረፈር ከሆነ ደግሞ አደራረቁን እይ፤ መጀመሪያ ጥላ ላይ ይጠንክር፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጣው። ሲነድ የሚያጨስህ ከሆነ ወይ በደንብ አልደረቀም፣ ወይ በርሜሉ ውስጥ ያልከሰለ ቡናማ አገዳ ተቀላቅሎበታል። የበቆሎውን ሽፋን እኔ ብሆን ለከብት ነው የምሰጠው፤ በርሜል ውስጥ ቶሎ አመድ ይሆናል።