መረቁ ካልረጋ አጥንት አልነካውም ማለት ነው

ጥያቄ፦ «እናቴ እግሯ ተሰብሮ ቤት ተኝታለች፣ ጎንደር ነን። ያየኝ ሁሉ የአጥንት መረቅ አጠጪያት ይለኛል። ስንት ሰዓት ነው የሚቀቀለው? ስቶክ፣ ቦን ብሮዝ የሚሉትስ ሌላ ነገር ነው? የሾርባ ኪዩብ ብጨምርበት ይሻላል?»

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔም አባቴን ያስታመምኩት እዚሁ ጎንደር ነው፣ የሱም እግር ነበር። ስለዚህ የምልሽን ስሚኝ፣ ገንዘብሽ እንደኔ በከንቱ እንዳይሄድ።

1. ኪዩቡን ለበሽተኛ አታድርጊ። የማሸጊያውን ጀርባ አንብቢው። የሚጻፈው በብዛት ከያዘው ጀምሮ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ጨው ነው። ቀጥሎ ጣዕም አጉሊው ግሉታሜት፣ ስታርች፣ የፓልም ዘይት ይመጣል። ሥጋ ካለው መጨረሻ አካባቢ ነው የምታገኚው፣ እሱም ትንሽ ዱቄት። 10 ግራም ከሚመዝን ኪዩብ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃዋል ይላል። እንግዲህ አንዷን ኪዩብ በሁለት ኩባያ በጥብጠሽ ለእናትሽ ብትሰጫት የቀኑን ጨው ጨርሳለች፣ እንጀራውና ወጡ ገና ነው። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ግፊት አይጠፋም። ለአሥር ሰው ወጥ አንድ ጣል ብታደርጊ ማንም አይቆጣሽም፣ ግን መረቅ ነው ብለሽ አታጠጪ።

2. ስሙ አያስጨንቅሽ። ብሮዝ የሚሉት ቅቅል ስንሠራ የምናገኘው ነው፦ ሥጋ በዛ ብሎ፣ ጨውና ቅመም ገብቶበት፣ ሥጋው ሲበስል የሚወርድ። ስቶክ ደግሞ አጥንት የበዛበት፣ ጨው የሌለው፣ ለሌላ ምግብ መነሻ የሚሆን ነው። ቦን ብሮዝ ያው ስቶኩ ረዘም ላለ ሰዓት ተንተክትኮ፣ በኩባያ እንዲጠጣ የተደረገ ነው። ፈረንጆቹ ራሳቸው አንዱን ባንዱ ስም ይጠሩታል። አንቺ የምትፈልጊው ሦስተኛውን ነው።

3. ከምግብ ቤት አትግዢ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። አባቴ ከሆስፒታል ሲወጣ ሥራዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ከአንድ ምግብ ቤት «የአጥንት መረቅ» በፔርሙስ እያስሞላሁ እወስድለት ነበር። ዋጋው ከጥሩ ቅቅል አይተናነስም። አባቴ ይጠጣና ውሃ ውሃ ይላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይጠማዋል። ግፊቱ ሲለካም ከፍ ብሎ ተገኘ። በመረቁ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፣ ግን ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ጨው ምን እየሰጣችሁት ነው?» ብላ ነው።

አንድ ቀን የተረፈውን በብርጭቆ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ጠዋት ሳወጣው እንደ ውሃ ቀጥኗል። ታች ቢጫ ዝቃጭ ተኝቷል፣ ከላይ ስስ ዘይት ሰፍፏል። የብርጭቆው ከንፈር ላይ የደረቀው ጨው ነጭ መስመር ሠርቷል። ይዤው ሄድኩና ባለቤቷን ጠየቅኋት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ አጥንት ድስቱ ውስጥ አልገባም አልኩሽ? ጣዕሙን ያጣፈጥኩት ለአንቺው ብዬ ነው!» አለችኝ። ሰው ፊት ነው ደግሞ። «በአምስት መቶ ብር አጥንት ልታስቆጥሪኝ ነው እንዴ» ብላም ጨመረችበት። አጥንቱማ ገብቷል፤ ጠዋት ለቁርስ ቤቱ ሽታ እንዲሆን ገብቶ ወጥቷል። የቀረውን ኪዩብ ሠራው።

ከዚያ በኋላ ነው ራሴ መሥራት የጀመርኩት፣ አሁን ሰፈሩ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው። ቁጥሩንም እዚህ ላይ ልተወውና ዝም ብዬ ላውራሽ።

ዋናው ነገር መርጋቱ ነው። መገጣጠሚያው ላይ ያለው ነጭ ለስላሳ አጥንት፣ ጅማቱ፣ ቆዳው፣ የአጥንቱም ውስጥ ኮላጅን የሚባል ጠንካራ ፕሮቲን አለ። በሙቅ ውሃ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ይፈታና ጄላቲን ይሆናል። መረቁን ወፈር የሚያደርገው፣ ከንፈር ላይ ተለጠፍ ተለጠፍ የሚለው እሱ ነው። ሲቀዘቅዝ መረቁን ያረጋዋል፤ ድስቱን ነቅነቅ ስታደርጊው እንደ እርጎ ይርገፈገፋል። ከላይ የሚረጋው ጮማ አያታልልሽ። እሱን በማንኪያ ግፈፊና ከሥሩ ያለውን እዪ። ከሥር ካልረጋ ወይ አጥንቱ ትክክለኛው አይደለም፣ ወይ ሰዓቱ አልበቃውም፣ ወይ ውሃ በዝቶበታል።

አጥንት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅልጥም ብቻ ስለሚገዛ ነው። መቅኒው ይጣፍጣል፣ ማን ይጠላል፣ ግን አብዛኛው ስብ ነው፣ ስብ ደግሞ አያረጋም። የምታረጋው ጉልበትና የከብት እግር ናት። እኔ ሁለት ኪሎ የጉልበት አጥንትና አንድ የከብት እግር አስቆርጣለሁ። ባለሥጋ ቤቱ መጀመሪያ ቀን «እትዬ፣ ውሻ አላችሁ እንዴ?» ብሎኝ ነበር። አሁን ስደርስ አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀኝ፣ ዋጋም ጨምሮበታል ሌባ! እግሩ ጸጉሩ በደንብ የተለበለበ፣ ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ ይሁን። ሳይሰነጠቅ ድስት ውስጥ አይገባልሽም።

አጥንቱን በቀዝቃዛ ውሃ ጣጂው። እንደፈላ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ያንን ውሃ ከነአረፋው ድፊው፣ አጥንቱንም እጠቢው። ደምና ቆሻሻው የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ሰው አያደርገውም፣ ከዚያ ለምን ይሸታል ይላል። ቀጥሎ አራት ሊትር አዲስ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሪና እንደገና ጣጂ። ሊፈላ ሲል እሳቱን ቀንሺው። ከሥር አንዳንድ አረፋ ብቅ እያለ ይንተክተክ እንጂ አይገንፍል። በኃይል ከፈላ ስቡ ከውሃው ጋር ይመታና መረቁ ይደፈርሳል፣ ጮማ ጮማም ይላል።

ስንት ሰዓት ላልሽው፣ ኢንተርኔት ላይ የምታዪው በባሕር ጠረፍ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ብታባብሺው ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ሌላው ስምንት ሰዓት ካለ እኔ ለበሬ አጥንት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት እሰጠዋለሁ። ለበግ ስድስት፣ ለዶሮ አጥንት አራት ይበቃል። ውሃው ከአጥንቱ በታች ከወረደ የፈላ ውሃ ጨምሪበት። መጨረሻ ላይ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ይቀራል።

ሁለት ቀን ሙሉ ቀቅይ የሚሉሽን አትስሚ። ጄላቲኑ ራሱ ብዙ ሲቀቀል እየተቆራረጠ የማርጋት ጉልበቱን ያጣል፣ ጣዕሙም አጥንት አጥንት ይላል። በቃው አልበቃው ለማወቅ አንድ ማንኪያ ሳህን ላይ አፍስሺና ፍሪዘር ውስጥ አሥር ደቂቃ አቆዪው። ከረጋ አውርጂው። ሌላው ምልክት ጉልበቱ ነው፦ መገጣጠሚያው በማንኪያ ሲነካ ይፈርሳል፣ ጅማቱ በጣት ሲጫኑት ይፈርሳል።

ፕሬዠር ኩከር ካለሽ ግን ይህን ሁሉ ተዪው። ግፊቱ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው የከፍታውም ጣጣ ይቀራል። ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። መብራት እየጠፋ ላስቸገረን ሰዎች እሱ ነው መፍትሔው። እኔ አንዴ ሰባት ሰዓት ከተንተከተከ በኋላ መብራት ጠፍቶብኝ ወደ ከሰል አዛወርኩት። ከሰል ካደረግሽ ደግሞ ውጭ በረንዳ ላይ ይሁን፣ ቤት ዘግተሽ በፍጹም አታሳድሪው፣ ጭሱ ሳይታይ ይገድላል።

መረቁ በስሎ እስኪወርድ ጨው አትጨምሪ፣ ውሃው ሲመነምን ጨውነቱ ይጠነክራል። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ቀይ ሽንኩርት የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ። ቀድመው ከገቡ ሽታቸው ተኖ ያልቃል።

ስብራቱን ይገጥማል ወይ ብለሽ ሳትጠይቂ አትቀሪም። ብዙ ሰው ካልሲየም ይወጣል፣ አቼቶ ጠብ አድርጊበት ይላል። ካልሲየሙ ከአጥንቱ አይላቀቅም ማለት ይቻላል። አቼቶውም ጥቂት ቢጨምር እንጂ አንድ ብርጭቆ ወተት ከሚሰጠው 300 ሚሊግራም ገደማ ጋር አይወዳደርም። መረቁ የሚሰጠው ጄላቲን ነው፣ እሱም ፕሮቲን ነው፣ ግን ጎደሎ ፕሮቲን፤ ትሪፕቶፋን የሚባለው የለበትም። ስለዚህ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ሥጋውን አብረሽ ስጫት። መረቁ ጥሩነቱ ምግብ እምቢ ያለ ሰው ይጠጣዋል። አባቴ እንጀራ ሲገፋ መረቁን ግን ይጨርስ ነበር፣ እኔም ውስጡ እንቁላል እየመታሁ አስገባበታለሁ፣ ሳያውቅ።

ሌላው አደጋ ማቀዝቀዙ ነው። ትልቅ ድስት ሙሉ ትኩስ መረቅ ክፍል ውስጥ አድሮ ጠዋት ቢፈላ ይድናል ብለሽ እንዳታስቢ። ለብ ብሎ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ተሕዋስ ይራባበታል፣ አንዳንዱ መርዝ በማፍላትም አይጠፋም። አጣሪውና በትንንሽ ዕቃ ከፋፍይው። ዕቃዎቹን ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ አስቀምጫቸው፣ ቶሎ ፍሪጅ ውስጥ ይግቡ። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፣ ፍሪዘር ውስጥ ወራት። የረጋውን ስታሞቂ እስኪፈላ አድርሺው።

ጾም ከሆነና እናትሽ እምቢ ካለች የንስሐ አባቷን ራሳቸውን አምጪላት። የኔ አባት በልጅ ልመና አልሰማም፣ እሳቸው ሲፈቅዱ ነው ኩባያውን የተቀበለው። የጾም ነው ብለሽ ደግሞ ኪዩብ እንዳታደርጊ፣ አንዳንዶቹ ላይ የዶሮ ወይም የበሬ ስብ ተጽፏል።