ስለ ፊደል ማስጠናት ቲቸር አስናቀችን ጠይቁ

ሜሪ (ካዛንቺስ)፦ ቲቸር ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ ሀሁን በዜማ እስከ ፐ ትወርደዋለች፣ መሃል ላይ ጣቴን ሳስቀምጥ ግን አታውቀውም። ከየት ልጀምር?

ቲቸር፦ የያዘችው ዜማውን ነው። ገበታውን ለጊዜው ከግድግዳ አውርጂውና በአምስት ፊደል ጀምሪ፤ እ፣ ና፣ ት፣ ማ፣ ን። በነዚህ ብቻ «ማን ናት? እናት ናት።» ብላ ታነባለች። ን እና ት የትኛውንም ገጽ ብትገልጪ አሉ፣ ሳድስ ባጠቃላይ ይበዛል ምክንያቱም አናባቢ የሌለውን ድምፅ የምንጽፈው በሱ ነው፣ ገበታው ላይ ግን ስድስተኛ ተራ ይዞ ነው የሚጠብቀው። አምስቱ ሲለመዱ ላ እና ም ጨምሪ፣ «ላም» መጣች፤ ቀጥሎ አ እና ለ፣ «አለ» መጣ፤ ከዛ ነ እና ው፣ «ማን ነው?» ትያለሽ። ሰባቱንም ቤት ባንድ ቀን አትደርድሪ፣ ሁለት የሚመሳሰሉ ፊደሎችም ባንድ ሳምንት አይግቡ።

ቤቲ፦ ና እና ን ራሳቸው ይመሳሰሉ የለ እንዴ?

ቲቸር፦ ትንሽ ይመሳሰላሉ። ና የሚለየው እግሩ ጋ ነው፣ ን አናቱ ጋ፣ ስለዚህ ብዙ አያጋጭም። ካስቸገረ ን ትቆይ፣ ግን ያለ ን ቃል ማግኘት ይከብድሻል።

ዳዊት፦ እኔ ደሞ ሰ እና ሸን ጎን ለጎን ነው ያሳየሁት፣ ልጁ ልዩነቱን ካላየ እንዴት ይለያቸዋል?

ቲቸር፦ ማወዳደሩ ልክ ነው፣ ቀኑ ነው ልክ ያልሆነው። ገበታው ራሱ ሰ ሸ፣ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ከ ኸ፣ ዘ ዠ፣ ደ ጀ፣ ጠ ጨ ብሎ መንትዮቹን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጧል፣ በገበታው ተራ ከሄድክ ልጁ ሁለት አዲስ ፊደል በአንድ መልክ ይቀበልና የትኛው የትኛው እንደሆነ አይዝም። መጀመሪያ ሰ ብቻውን ይግባ፣ «ሰማ»ን ሳይቆም እስኪያነብ ጠብቅ። ከዛ ሸ ይምጣ፣ ያኔ «ሰማ» እና «ሸማ»ን አንድ ወረቀት ላይ ጽፈህ አወዳድር። ለደ እና ጀም «ደመረ» እና «ጀመረ» አለልህ።

ከነዚህ የባሰው ግን የራብዕና የሳብዕ ነገር ነው። ባ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ ቦ ግራው፤ ሳ እና ሶ፣ ካ እና ኮ፣ ዳ እና ዶም እንደዛው። ግራና ቀኙን ገና ላልለየ ልጅ አንድ ፊደል ናቸው። ራብዑ ይቅደም፣ ሳብዑ ብዙ ቆይቶ ይምጣ። ስትፈትነው «ዳማ» እና «ዶማ» ስጠው። ሁሌ ዶን ዳ እያለ የሚያነብ ከሆነ ዳን ያውቃል ዶ ነው የጎደለው፣ ዶን ብቻ አለማምደው። አንዴ ዳን ዶ፣ አንዴ ዶን ዳ የሚል ከሆነ ግን ሁለቱም አልገቡም፣ ዶን ጭራሽ አንሳውና ዳ እስኪጸና አታምጣው።

የአራዳ ልጅ፦ እኛ የኔታ ጋ ሀሁ ብለን ነው ያደግነው፣ ማን ማንበብ አቃተው? ዝም ብሎ ፈረንጅ መኮረጅ ነው

ቲቸር፦ የኔታ መች ሀሁ ላይ አቆሙ? ስንደዶ አስይዘው እያንዳንዱን ፊደል ያስቆጥሩ ነበር፣ ቀጥሎ አቡጊዳ አለ፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ፊደሉም ቤቱም በየእርምጃው ስለሚቀየር በዜማ የሸመደደው እዛ ጋ ይጋለጣል። ከዛ በኋላ ነው መልእክተ ዮሐንስ የሚነበበው። እናንተ ሀሁን ወሰዳችሁ፣ አቡጊዳን ጣላችሁ፣ ከዛ የኔታ እንዲህ አስተማሩን ትላላችሁ።

ሳሚ፦ ለምን ሠ፣ ሐ፣ ኀ፣ ዐን አናወጣቸውም? ልጆቹም ይገላገላሉ

የአራዳ ልጅ፦ ታዲያ ግዕዙን በምን ልታነበው ነው? ቅርስ እኮ ነው

ሳሚ፦ የ7 ዓመት ልጅ ግዕዝ አታነብም ወንድሜ

ቲቸር፦ እሱን ሌላ ቦታ ተከራከሩ። ለጀማሪ ሀ፣ ሰ፣ አ ይበቃል፤ ሌሎቹ «ሥራ» «ዓለም» «ፀሐይ» ሲነበብ ከነቃላቸው ይመጣሉ። እስከዛ ድረስ ልጁ «ስራ» ብሎ ቢጽፍ ቀይ እስክሪብቶ አታንሱበት።

ኪያ፦ ቲቸር ስልክ ላይ ጨ የሚጻፈው በየትኛው ነው?

ቲቸር፦ የስልክ ኪቦርድ አልተጠየቅኩም።

አቤል፦ ሰላም ቲቸር፣ ፊደል ማስተማር ከየት ይጀመራል?

ቲቸር፦ ከላይ ለሜሪ የመለስኩትን አንብብ። ስትመለስ ዕድሜውንና የትኞቹን ፊደሎች እንደሚለይ ጽፈህ ና።

ሄለን (4 ኪሎ)፦ የኔ ልጅ የታክሲ ታፔላ ላይ «ፒያሳ» ብሎ ያነባል፣ ሳ ግን ገባው አልገባው እጠራጠራለሁ

ቲቸር፦ ልክ ነሽ ተጠራጠሪ። ታፔላውን እንደ ስዕል ይዞት ይሆናል። «ሳያ» ብለሽ ወረቀት ላይ ጻፊለት፣ ካነበበ ሁለቱን ፊደል ያውቃል፣ «ፒያሳ» ካለ ደግሞ ገና ነው። ፒን ተዪው፣ ከታፔላና ከባዕድ ቃል ውጪ ብዙ አያገኘውም፣ ሳን ግን «ሳመ» ላይ፣ «ሳር» ላይ አሳዪው። ሶን እንዳታመጪበት ብቻ።